የተጠጋጉ መቶኛዎች ሲደመሩ 99.9 ወይም 102 ሲመጣ፦ ሠንጠረዡን እንዴት መፈተሽ፣ ምን ማድረግ፣ ምን አለማድረግ

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአገሪቱን ሕዝብ በሃይማኖት ከፍሎ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ስድስት ረድፍ ብቻ ነው ያለው። መቶኛዎቹን ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ አስቀርቶ ለሚደምር ሰው 99.9 ይመጣል። ነጥቡን ትቶ በሙሉ ቁጥር ለሚደምር 102 ይመጣል። ጠንቀቅ ብሎ ሁለት አሃዝ ያስቀረም ቢሆን 99.99 ላይ ይቆማል። ከሦስቱ አንዳቸውም የስሌት ስሕተት የለባቸውም።

እንዲህ ባለ ሠንጠረዥ ላይ ግን ነገሩ በቀላሉ አይታለፍም። የጎደለችው 0.1 በመቶ ከ73 ሚሊዮን 750 ሺህ 932 ሕዝብ ላይ ስትሰላ 73 ሺህ 751 ሰው ትሆናለች። «እነዚህ ሰዎች የት ገቡ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው መልሱን ካላወቀ ደግሞ አንዱን ቁጥር ነካ አድርጎ 100 ሊያደርገው ይሞክራል፤ እውነተኛው ስሕተት የሚፈጠረው ያኔ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ይህንኑ ሠንጠረዥ ይዞ ይሄዳል። የእርስዎ ሠንጠረዥ የተማሪ ውጤት ይሁን የመጠይቅ መልስ ወይም የበጀት ድርሻ፣ ደረጃዎቹ አንድ ናቸው።

1. ከመቶኛው በፊት ጥሬ ቁጥሩን ይደምሩ

መጀመሪያ መቶኛውን እርሱት። ጥሬ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦

| ሃይማኖት | የሰው ብዛት |
|---|---|
| ኦርቶዶክስ | 32,092,182 |
| እስልምና | 25,037,646 |
| ፕሮቴስታንት | 13,661,588 |
| ባህላዊ እምነት | 1,956,647 |
| ካቶሊክ | 532,187 |
| ሌሎች | 470,682 |
| ጠቅላላ | 73,750,932 |

ስድስቱን ረድፎች ደምረው ከጠቅላላው ጋር ያስተያዩ። እዚህ ላይ ድምሩ 73,750,932 ይመጣል፤ አንድ ሰው እንኳ አይጎድልም። «73 ሺህ ሰው የት ገባ» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚሁ አለቀ ማለት ነው፤ ሁሉም በሰው ብዛት ዓምድ ውስጥ አሉ። ከዚህ በኋላ መቶኛው ላይ የሚታየው ልዩነት ከማጠጋጋት ሌላ ምንጭ ሊኖረው የሚችለው ማካፈሉ ላይ ስሕተት ከተሠራ ብቻ ነው።

ጥሬ ቁጥሮቹ ራሳቸው ከጠቅላላው ጋር ካልገጠሙ ግን እዚህ ላይ ይቁሙ። ብዙ ጊዜ የተረሳ ረድፍ ይኖራል፤ በመጠይቅ ሠንጠረዥ ላይ በአብዛኛው የሚረሳው «መልስ ያልሰጡ» የሚለው ነው።

2. መቶኛውን ሳያጠጋጉ ያስሉ

በኤክሴል ከሆነ ስሞቹን ከ`A2` እስከ `A7`፣ ብዛቱን ከ`B2` እስከ `B7`፣ ጠቅላላውን `B8` ላይ ያስገቡ። ከዚያ `C2`፣ `D2` እና `E2` ላይ እንደ ቅደም ተከተላቸው እነዚህን ሦስት ፎርሙላዎች ጽፈው እስከ ሰባተኛው ረድፍ ወደ ታች ይጎትቱ፦

```
=B2/B$8*100
=ROUND(C2,1)
=D2-C2
```

የመጀመሪያው ያልተጠጋጋው መቶኛ ነው፤ ሁለተኛው የተጠጋጋው፤ ሦስተኛው በማጠጋጋቱ ረድፉ ያገኘው ወይም ያጣው። የዶላር ምልክቷን አይርሱ፤ እሷ ከሌለች ፎርሙላው ሲጎተት አካፋዩም አብሮ ወደ ታች ይወርዳል። በጀርመንኛ ወይም በጣሊያንኛ በተስተካከለ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ ደግሞ በቅንፉ ውስጥ በኮማው ፈንታ `;` ይጻፉ፤ እዚያ ኮማ የአስርዮሽ ነጥብ ስለሆነ ፎርሙላው እምቢ ይላል።

አሁን `C8` ላይ `=SUM(C2:C7)` ይጻፉ። 100 መምጣት አለበት፤ «ወደ 100 የቀረበ» አይበቃም። ይህ ፍተሻ ከሁሉም ይበልጣል፤ ለምን እንደሆነ አምስተኛው ክፍል ላይ ይታያል።

3. ልዩነቱ ከየትኛው ረድፍ እንደመጣ ይዩ

ሦስቱ ዓምዶች ሲሞሉ ይህን ይመስላሉ፤ ያልተጠጋጋው እዚህ አራት አሃዝ ድረስ ብቻ ነው የተጻፈው፦

| ሃይማኖት | ያልተጠጋጋ | የተጠጋጋ | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| ኦርቶዶክስ | 43.5143 | 43.5 | −0.0143 |
| እስልምና | 33.9489 | 33.9 | −0.0489 |
| ፕሮቴስታንት | 18.5240 | 18.5 | −0.0240 |
| ባህላዊ እምነት | 2.6530 | 2.7 | +0.0470 |
| ካቶሊክ | 0.7216 | 0.7 | −0.0216 |
| ሌሎች | 0.6382 | 0.6 | −0.0382 |
| ድምር | 100.0000 | 99.9 | −0.1000 |

የመጨረሻውን ዓምድ ቀስ ብለው ያንብቡት፤ ጠቅላላው ምስጢር ያለው እሱ ላይ ነው። ማጠጋጋት ማለት ከእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ትንሽ መቁረስ ወይም ትንሽ መጨመር ነው። የሚቆረሰው ከሚጨመረው ጋር ቢጣጣ ድምሩ 100 ላይ ይቆይ ነበር። እዚህ ግን አምስቱ ረድፎች ተቆርሶባቸዋል፤ የተቆረሰው ሲደመር 0.1470 ነው። የተጨመረለት ባህላዊ እምነት ብቻ ሲሆን ያገኘውም 0.0470 ነው። ሁለቱ ተጣጥተው የሚቀረው 0.1000 ነው። የጠፋችው 0.1 በአንድ ቦታ የወደቀች ሳትሆን ከአምስት ረድፎች የተሰበሰበ ፍርፋሪ ናት። ስለዚህ «የየትኛው ሃይማኖት ቁጥር ተቀነሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ መልሱ የማንም ሰው አልተቀነሰም፤ የተቀነሰው የአጻጻፉ ርዝመት ነው።

በሙሉ ቁጥር ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። 43.5143 ወደ 44፣ 33.9489 ወደ 34፣ 18.5240 ወደ 19፣ 2.6530 ወደ 3፣ 0.7216 ወደ 1፣ 0.6382 ወደ 1 ይሄዳሉ። ስድስቱም ወደ ላይ! ወደ ታች የወረደና ሚዛኑን የሚጠብቅ አንድም ረድፍ ስለሌለ ድምሩ 102 ደረሰ። እዚህ ላይ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ከግማሽ በላይ የሆኑት ለጥቂት ነው፤ ሁለቱም ከ0.5 ትንሽ ዝቅ ብለው ቢሆን ኖሮ ድምሩ 100 ይመጣ ነበር።

4. ልዩነቱ በማጠጋጋት ሊመጣ የሚችል መሆኑን ይለኩ

አንድ ረድፍ በማጠጋጋት ሊያጣም ሆነ ሊያገኝ የሚችለው ቢበዛ የመጨረሻውን አሃዝ ግማሽ ነው። አንድ የአስርዮሽ አሃዝ ካስቀሩ 0.05፣ በሙሉ ቁጥር ከሆነ 0.5። ይህን በረድፎቹ ብዛት ያባዙት። ለስድስት ረድፍ በአንድ አሃዝ 0.3፣ በሙሉ ቁጥር 3 ይሆናል። ድምሩ ከ99.7 እስከ 100.3፣ ወይም በሙሉ ቁጥር ከ97 እስከ 103 ባለው ክልል ውስጥ ካልሆነ ማጠጋጋትን አይክሰሱ፤ ሌላ ስሕተት ይፈልጉ።

ሁለተኛም መለኪያ አለ። ሁሉም ረድፎች በአንድ አሃዝ ከተጠጋጉ፣ ድምሩም ከአንድ አሃዝ በላይ ሊኖረው አይችልም። 99.93 ካዩ የሆነ ረድፍ በሁለት አሃዝ ተጽፏል ወይም ጨርሶ አልተጠጋጋም ማለት ነው።

ልዩነት መምጣቱ ራሱ ብርቅ ነገር አይደለም። መቶኛዎቹ ከሚጠጋጉበት አሃዝ አንጻር በቂ ትልቅ ሲሆኑና በዘፈቀደ ሲወድቁ፣ ሦስት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ በትክክል 100 የሚመጣው ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ነው። አራት ረድፍ ሲሆን ከሦስት ጊዜ ሁለቱን፤ ስድስት ረድፍ ሲሆን በ55 በመቶው ብቻ። ስለዚህ አሥር ገጽ ሪፖርት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ድምሩ ልክ 100.0 ከሆነ፣ ሊያስጠረጥር የሚገባው እሱ ነው። አንድ ሰው ቁጥሮቹን በእጁ አስተካክሏቸው ሊሆን ይችላል።

ሁለት ረድፍ ብቻ ያለው ሠንጠረዥ፣ ለምሳሌ ወንድና ሴት፣ ከዚህ ነጻ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ወደ ላይ ሲሄድ ሌላው የግድ ወደ ታች ይወርዳልና። የሚያመልጠው አንድ አጋጣሚ ብቻ ነው። 50.5 እና 49.5 በሙሉ ቁጥር ሲጻፉ ሁለቱም ወደ ላይ ሄደው 51 እና 50 ይሆናሉ፤ ድምሩ 101።

5. በማጠጋጋት ስም የተደበቀ ስሕተት

አራተኛው ክፍል ላይ ያለው መለኪያ ትልልቅ ስሕተቶችን ይይዛል፤ ትንንሾቹ ግን ሾልከው ያልፋሉ። ይኸው ቆጠራ ጥሩ ምሳሌ አለው። የ1999ኙ ቆጠራ ጠቅላላ ሕዝብ ተብሎ 73,918,505 የሚል ቁጥርም በሰፊው ይጠቀሳል። አንድ ሰው የሃይማኖቱን ጥሬ ቁጥር ከዚህ ሠንጠረዥ፣ ጠቅላላውን ደግሞ ከሌላ ጽሑፍ ቢያመጣና ቢያካፍል፣ በአንድ አሃዝ የሚያገኘው 43.4፣ 33.9፣ 18.5፣ 2.6፣ 0.7 እና 0.6 ነው። ድምሩ 99.7።

ይህ ከተፈቀደው ክልል ጫፍ ላይ ነው፤ ግን አልወጣም። ሠሪው «በመጠጋጋት ምክንያት» ብሎ ግርጌ ላይ ጽፎ ሊያልፈው ይችላል። ሁለት ረድፎች ግን ተሳስተዋል፤ ኦርቶዶክስ ከ43.5 ወደ 43.4፣ ባህላዊ እምነት ከ2.7 ወደ 2.6 ወርደዋል። ስሕተቱን የሚያጋልጠው `C8` ነው፤ ያልተጠጋጉት መቶኛዎች ሲደመሩ 100 ሳይሆን 99.7733 ይላሉ። ያልተጠጋጋ ቁጥር ደግሞ በማጠጋጋት ሊሳበብ አይችልም። ሁለተኛው ክፍል ላይ «ወደ 100 የቀረበ አይበቃም» የተባለው ለዚህ ነው።

ድምሩ ከ100 በብዙ ከበለጠ ደግሞ የጥያቄውን ዓይነት ይዩ። «የትኞቹን ቋንቋዎች ይናገራሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ሰው ሦስት ቦታ ሊቆጠር ይችላል። የዚህ ዓይነት ሠንጠረዥ ድምር 160 ቢመጣ ስሕተት የለበትም፤ «ጠቅላላ» የሚል ረድፍ ግን ሊኖረው አይገባም።

6. ሁለቴ አያጠጋጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱ ደግሞ ድምሩን ስለሚያሳምረው አይታወቅም። ሁለት አሃዝ ያለው ሠንጠረዥ ከሌላ ሪፖርት ላይ ወስደው ወደ አንድ አሃዝ ሊያሳጥሩት ነው እንበል። እዚያ ላይ እስልምና 33.95፣ ባህላዊ እምነት 2.65 ተብሎ ተጽፏል። 33.95ን ወደ አንድ አሃዝ ሲያጠጋጉት 34.0 ይሆናል። ዋናው ቁጥር ግን 33.9489 ነበር፤ በቀጥታ ሲጠጋጋ 33.9 ነው። የመጀመሪያው ማጠጋጋት ቁጥሩን ወደ አፋፉ አስጠጋው፤ ሁለተኛው ገፍቶ አሻገረው።

አሁን ድምሩን ይዩ፦ 43.5፣ 34.0፣ 18.5፣ 2.7፣ 0.7፣ 0.6። በትክክል 100.0! ትክክለኛው አሠራር 99.9 ሲያመጣ የተሳሳተው 100.0 አመጣ። ድምሩ 100 መሆኑ ረድፎቹ ትክክል ለመሆናቸው ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ሁልጊዜም ከጥሬ ቁጥሩ ይነሱ። ጥሬ ቁጥሩ ከሌለ የተጻፈውን ሁለት አሃዝ እንዳለ ይተዉት።

ንዑስ ድምርም የዚሁ ዘመድ ነው። ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ በአንድ ላይ «ክርስቲያን» ተብለው ይጻፉ ቢባል፣ የተጠጋጉትን 43.5፣ 18.5 እና 0.7 ለሚደምር 62.7 ይመጣል። ከጥሬ ቁጥር ሲሰላ ግን 46,285,957 ለ73,750,932 ተካፍሎ 62.7598 ነው፤ ሲጠጋጋ 62.8። የሚጻፈው 62.8 ነው። አንባቢ ሦስቱን ደምሮ 62.7 ቢያገኝም ንዑስ ድምሩ ከጥሬ ቁጥር መሰላቱ አይቀየርም።

7. ኤክሴል የሚያሳየውና የያዘው

ብዙ ሰው `ROUND` አይጠቀምም፤ ሴሉን ብቻ በአንድ አሃዝ እንዲታይ ያደርገዋል። ያኔ ዓይን የሚያየው 43.5 ነው፤ ሴሉ የያዘው ግን 43.514273 ነው። `SUM` የሚደምረው የተያዘውን ስለሆነ ከታች 100.0 ይላል፤ በካልኩሌተር የሚደምር አንባቢ ደግሞ 99.9 ያገኛል። አለቃ «ኤክሴሉ ተበላሸ እንዴ?» የሚለው እዚህ ላይ ነው። አልተበላሸም። እንዲያውም ለሚታተም ሠንጠረዥ ይህ ትክክለኛው አቀራረብ ነው፤ ጠቅላላው 100.0 ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱም ጠቅላላው ሕዝብ ከጠቅላላው ሕዝብ መቶ በመቶ ነውና። የተጠጋጉት ረድፎች ድምር የሆነውን 99.9 ከታች መጻፍ ግን አንድ ነገር ጎድሏል ብሎ እንደማወጅ ነው።

ኤክሴል ውስጥ `Set precision as displayed` የሚል ምርጫ አለ። አይንኩት። የሚታየውንና የተያዘውን አንድ የሚያደርገው ከነጥብ በኋላ ያለውን ትርፍ አሃዝ በቋሚነት ቆርጦ በመጣል ነው፤ ምርጫውን መልሰው ቢያጠፉትም በእጅ የገቡት ቁጥሮች የተቆረጠባቸው አሃዝ ተመልሶ አይመጣም።

የተጠጋጋውን ዓምድ ድምር በፎርሙላ ከ99.9 ጋር ሲያነጻጽሩ ደግሞ `=ROUND(SUM(D2:D7),1)` ብለው ይጻፉ። ኮምፒዩተር አስርዮሽን የሚይዘው በሁለትዮሽ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ አሥራ ምናምነኛው አሃዝ ላይ ትንሽ ጭራ ሊተርፍ ይችላል፤ በእሱ ሰበብ ንጽጽሩ «እኩል አይደለም» ሊል ይችላል።

8. ምን ይደረግ?

ለሚታተም ሠንጠረዥ መልሱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ረድፍ በትክክል እንደተጠጋጋ ይቀመጥ፤ ጠቅላላው 100.0 ይባል፤ ከሠንጠረዡ ሥር እንዲህ ይጻፍ፦ «በመጠጋጋት ምክንያት የረድፎቹ ድምር ከ100 በጥቂቱ ሊለይ ይችላል። ጠቅላላውና ንዑስ ድምሩ የተሰሉት ካልተጠጋጋ ቁጥር ነው።» የሰው ብዛት ዓምዱን ከመቶኛው ጎን ካስቀመጡት የበለጠ ጥሩ ነው፤ የተጠራጠረ ራሱ ያሰላዋል።

ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች ማብዛት ልዩነቱን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በሁለት አሃዝ 99.99 መምጣቱን አይተናል። መቶ ሰው በተጠየቀበት መጠይቅ ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ በመቶ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ምንም አያስፈልግም። ሰባ ሦስት ሚሊዮን በተቆጠረበት ላይ አንድ አሃዝ ለአንባቢ ይበቃል። በሙሉ ቁጥር መጻፍ ግን እዚህ አይመከርም፤ 0.64 የነበረው «ሌሎች» እና 0.72 የነበረው ካቶሊክ ሁለቱም 1 ተብለው እኩል ይመስላሉ።

የጎደለችውን 0.1 ትልቁ ረድፍ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ «43.6 ቢባል ማን ያውቃል» ይባላል። ጥሬ ቁጥሩ ያለው ሁሉ ያውቃል። 32,092,182ን ለጠቅላላው ያካፈለ ሰው 43.51 ያገኛል፤ 43.6 ከየት እንደመጣ ማስረዳት አይቻልም። «ሌሎች» ላይ መለጠፍ ደግሞ ይብሳል፤ 0.6 የነበረው 0.7 ሲሆን ረድፉ በአንድ ስድስተኛ አደገ ማለት ነው።

9. የግድ 100 መምጣት ሲኖርበት

አንዳንድ ጊዜ የሚከፋፈለው ነገር ራሱ የማይቆረስ ነው፤ 100 የሥልጠና ወንበር ለስድስት ወረዳ፣ ወይም 100 ነጥብ ለስድስት መመዘኛ። ያኔ 102 ወንበር ማደል አይቻልም። ለዚህ የሚሆነው ትልቁን ቀሪ የማስቀደም ዘዴ ነው፤ አሜሪካዊው አሌክሳንደር ሃሚልተን የምክር ቤት መቀመጫ ለግዛቶች ለማከፋፈል ያቀረበው ይኸው ነበር። አሠራሩን በያዝናቸው ቁጥሮች እንሞክረው።

ከእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ከነጥብ በኋላ ያለውን ሁሉ ይጣሉ። 43፣ 33፣ 18፣ 2፣ 0፣ 0 ይቀራሉ፤ ድምራቸው 96። ለመቶ አራት ጎድሏል። አሁን የተጣሉትን ቀሪዎች ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደርድሩ፦ 0.9489 (እስልምና)፣ 0.7216 (ካቶሊክ)፣ 0.6530 (ባህላዊ እምነት)፣ 0.6382 (ሌሎች)፣ 0.5240 (ፕሮቴስታንት)፣ 0.5143 (ኦርቶዶክስ)። አራቱ ለመጀመሪያዎቹ አራት አንድ አንድ ይደርሳሉ። ውጤቱ 43፣ 34፣ 18፣ 3፣ 1፣ 1፤ ድምሩ 100።

በኤክሴል አራት ዓምድ ይበቃል፤ ከ`F2` እስከ `I2`፦

```
=ROUNDDOWN(C2,0)
=C2-F2
=RANK(G2,G$2:G$7)
=F2+IF(H2<=100-SUM(F$2:F$7),1,0)
```

ሁለት ረድፎች እኩል ቀሪ ካላቸው `RANK` ለሁለቱም አንድ ደረጃ ይሰጣል፤ ስለዚህ ድምሩ 100ን ሊያልፍ ይችላል። ማን እንደሚቀድም የሚወስነውን ደንብ (ለምሳሌ ትልቁ ጥሬ ቁጥር ይቅደም የሚል) ከማከፋፈሉ በፊት ይጻፉ፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚወጣ ደንብ ማንንም አያሳምንም።

ይህን ዘዴ ለወንበርና ለነጥብ ይጠቀሙበት እንጂ የሃይማኖት ሠንጠረዥ ላይ አይጠቀሙበት። ውጤቱን እንደገና ይዩት፦ 43.51 የነበረው 43፣ 18.52 የነበረው 18 ተባለ። ሁለቱም ከግማሽ በላይ ነበሩ፤ ማንኛውም ተማሪ 44 እና 19 ይላቸዋል። በአንድ አሃዝ ቢሠራም እንደዚያው ነው፤ እስልምና ከ33.9489 ተነሥቶ 34.0 ይባላል። ድምሩን ለማሳመር የአንድን ወገን ቁጥር ሆን ብሎ ከተለመደው ደንብ ማውጣት፣ 99.9 ከሚያስነሳው ጥያቄ የከበደ ጥያቄ ያመጣል፤ ያን ጊዜ ጠያቂው ትክክል ይሆናል።

በፓይ ቻርት ላይ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። ቻርቱ ያልተጠጋጋውን የ`C` ዓምድ ይውሰድ፤ ክቡ በራሱ ይሞላል። ጽሑፉ ብቻ ከ`Number` ቅንብር በአንድ አሃዝ እንዲታይ ይደረግ። ግርጌ ማስታወሻዋ ግን ከሠንጠረዡ ወደ ቻርቱም ትከተል፤ ብዙ ጊዜ ሰው ፎቶ አንሥቶ የሚያሰራጨው ቻርቱን ብቻ ነውና።